«ዘጠኝ ሰዓት» የምትል ቮይስ ቀጠሮ ታስመልጣለች

ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፈው ስለ ቮይስ ነው። ፊደል ላልቆጠሩ፣ ዓይናቸው ለደከመ፣ ወይም አማርኛ እየሰሙ ማንበብ ለሚከብዳቸው ወገኖቻችን የቀጠሮ ቀንና ሰዓት በዋትሳፕና በኢሞ ቀድተን እንልካለን። በናይሮቢ ስንት ሰው በዚህ መንገድ ብቻ ቀጠሮውን እንደሚያውቅ የምታውቁት ናችሁ። ኢስሊ ያለች እናት ልጇ ሥራ ውሎ ካልመጣ ወረቀቱን የሚያነብላት የለም። እዚህ ተወልዶ ያደገው የልጅ ልጇም እንግሊዝኛውን ያነባል እንጂ ወደ እኛ ሰዓትና ቀን መገልበጡን አልለመደውም።

አቋሜን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። የቀጠሮ ቮይስ ከግማሽ ደቂቃ መብለጥ የለባትም፤ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሳትጻፍ መቀዳት የለባትም፤ በውስጧም አንድ ሰዓት ብቻ ነው መጠራት ያለበት፤ እሱም ሰሚው የሚኖርበት ሰዓት። ብዙ ሰው በዚህ አይስማማም። «ሁለቱንም ብንነግራቸው ይሻላል፣ በእኛም በፈረንጅም» ይላል። እኔ ደግሞ ሰው ቀጠሮ የሚያመልጠው ሁለቱንም ስለምንነግረው ነው እላለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

ስህተቱ የስድስት ሰዓት ነው። ኬንያና ኢትዮጵያ የሰዓት ልዩነት የላቸውም፤ አንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ነን። ልዩነቱ የአቆጣጠር ነው። ወረቀቱ ላይ 9:00 ኤኤም ተብሎ የተጻፈው ለእኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። አንባቢው ቸኩሎ ቁጥሩን እንዳለ ካነበበውና «ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት» ብሎ ቮይስ ከላከ፣ እናታችን የምትሰማው የከሰዓት በኋላውን ዘጠኝ ነው። ምሳዋን በልታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቀጠሮው ካለፈ ከስድስት ሰዓት በኋላ በር ላይ ትደርሳለች። ለራሷ ግን በሰዓቷ ደርሳለች።

እዚህ ላይ ልብ የማይባል ነገር አለ። የጠዋት ቀጠሮና የከሰዓት ቀጠሮ ሲሳሳቱ ጉዳታቸው እኩል አይደለም። የከሰዓት 2:00 ቀጠሮ «ሁለት ሰዓት» ተብሎ ከተነገረ፣ ሰውየው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይደርሳል። ስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ይቀመጣል፣ ይርበዋል፣ ይናደዳል፤ ቀጠሮው ግን አላመለጠውም። የጠዋቱ ቀጠሮ ሲሳሳት ግን ሰውየው የሚደርሰው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። በዚያ ላይ የቢሮ ቀጠሮ አብዛኛው የጠዋት ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ኤኤም የምትል ካያችሁ፣ ከመቅዳታችሁ በፊት ቁጥሩን ወደ እኛ ገልብጣችሁ፣ ለሌላ ሰው አሳይታችሁ፣ ከዚያ ቅዱ።

አንድ የሚጠቅመን ነገር አለ። ስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ከንጋት ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በስዋሂሊ «ሳ ታቱ አሱቡሂ» ነው፤ ታቱ ማለት ሦስት። ማታቱ ላይ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ጎረቤት ጋር የሚነገረው ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው። ናይሮቢ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ትወጣለች፤ ስለዚህ «ፀሐይ ከወጣች በኋላ ሦስተኛው ሰዓት ሲገባ» ማለት እዚህም ያስኬዳል። ችግሩ ወረቀትና የስልክ ሰዓት ነው፤ እነዚያ በፈረንጅ ናቸው። አንዳንድ ጸሐፊም በስዋሂሊ እያወራች መሃል ላይ ሰዓቱን በእንግሊዝኛ ቁጥር ትጠራለች። ያኔ «በስዋሂሊ ነው በእንግሊዝኛ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ግን ስዋሂሊው በሰዓት የረዳንን ያህል በቀን ያሳስተናል። የእኛ ረቡዕ አራተኛ ማለት ነው፤ ከእሑድ ስንጀምር አራተኛው ቀን። ስዋሂሊ ግን መቁጠር የሚጀምረው ከቅዳሜ ነው። ስለዚህ «ጁማኔ»፣ ውስጧ አራት የምትል ቃል ያላት፣ ማክሰኞ ናት። «ጁማታኖ»፣ ውስጧ አምስት ያላት፣ ረቡዕ ናት እንጂ ሐሙስ አይደለችም። «ጁማታቱ»ም ሰኞ ናት። ስዋሂሊ በጆሮው ብቻ የለመደ ሰው ከቁጥሩ ተነስቶ ካሰላ አንድ ቀን ዘግይቶ ይሄዳል። ጎረቤት በስዋሂሊ የነገራችሁን ቀን በቮይስ ስታስተላልፉ ስሙን አረጋግጣችሁ በአማርኛ ብቻ ተናገሩት።

ከሰዓቱ ቀጥሎ ያለው ሁለተኛው ወጥመድ የወር ቀን ነው። አንድ ምሳሌ ወስደን እስከ መጨረሻው እንሥራው። ወረቀቱ እንዲህ ይላል እንበል፦ ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14፣ 2025፣ 9:00 ኤኤም። ብዙዎቻችን ኦክቶበርን በልማድ ጥቅምት እንለዋለን። ስለዚህ ቮይሷ «ጥቅምት አሥራ አራት» ብላ ትሄዳለች። በቤተ ክርስቲያን ካላንደር የምትኖር እናት ግን ጥቅምት 14ን ታውቀዋለች፤ እሱ በነሱ ኦክቶበር 24 ነው። አሥር ቀን ቆይታ ትሄዳለች። ትክክለኛው ቀን በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነበር።

ይህን ስህተት የምትይዙበት ቀላል ዘዴ አለ፤ የሳምንቱ ቀን። ወረቀቱ ማክሰኞ ይላል። ጥቅምት 14 ግን ዓርብ ነው። «ማክሰኞ ጥቅምት 14» ብላችሁ ከጻፋችሁ በኋላ ግድግዳ ላይ ያለውን የእኛን ካላንደር ብታዩ፣ ሁለቱ አይገናኙም። ሁለቱ ካልተገናኙ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው፤ ሳታጣሩ አትቅዱ። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ከወር ወር ስለሚለዋወጥ በልባችሁ አትቀንሱ፣ ካላንደር ተመልከቱ።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ። «ሁለቱንም እንንገር» የሚሉ ወገኖች የሚልኩት ቮይስ ይህን ይመስላል፦ «እማማ፣ ቀጠሮዎ ማክሰኞ በነሱ አሥራ አራት በእኛ አራት፣ ሰዓቱ በነሱ ዘጠኝ በእኛ ሦስት ሰዓት ነው።» እስቲ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። አሥራ አራት፣ አራት፣ ዘጠኝ፣ ሦስት። አራት ቁጥር በአንድ ትንፋሽ። የሚያነብ ሰው ዓይኑን መልሶ ያያል። የሚሰማ ሰው ግን ድምጹ አልፎታል፤ የቀረው ቁጥር የቱ እንደሆነ ዕድል ነው የሚወስነው። ቮይሷን መልሶ ቢከፍታትም ያው አራቱ ቁጥሮች ናቸው የሚመጡት።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ሥራውን ለሁለት እንክፈለው ነው። ጆሮ የእኛን ሰዓት ብቻ ይስማ። የነሱን ሰዓት ደግሞ ፎቶ ይያዘው፦ የቀጠሮውን ወረቀት ወይም የመጣውን የጽሑፍ መልእክት ፎቶ አንስታችሁ ከቮይሷ ሥር ላኩ። ያ ለእናታችን አይደለም፤ በር ላይ ላለው አስካሪ፣ ለማታቱው ኮንዳክተር፣ መንገድ ለሚያሳያት ሰው የምታሳየው ነው። ቮይሷ ለእሷ ናት፣ ፎቶው ለሌላው ነው። እያንዳንዱ የሚገባውን አቆጣጠር ያገኛል፤ ማንም ሁለቱን ማስታረቅ አይጠበቅበትም።

አሁን ጽሑፏን እንሥራ። ከላይ ለወሰድነው ቀጠሮ እኔ የምጽፋት እንዲህ ነው፦

«እማማ፣ የቀጠሮ መልእክት ነው።
ቀጠሮዎ ማክሰኞ ነው። የአቦ ዋዜማ ማክሰኞ።
ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።
ቦታው ባለፈው ከልጅዎ ጋር የሄዱበት ቢሮ ነው።
ዋናውን ወረቀት ይያዙ።
ደግሜ ልንገርዎ። ማክሰኞ፣ የአቦ ዋዜማ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።
አሁን ቀኑንና ሰዓቱን እርስዎ በቮይስ ይንገሩኝ።»

ወደ አርባ ቃላት ናት። ቀስ ብላችሁ፣ በየመስመሩ ትንፋሽ እየወሰዳችሁ ብታነቧት ግማሽ ደቂቃ አካባቢ ትወስዳለች። እያንዳንዱ መስመር ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያዋ መስመር ጆሮን ታነቃለች። ሰው ቮይስ ሲከፍት ስልኩን ወደ ጆሮው እያስጠጋ፣ ወይም ድምጹን እየጨመረ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቃላት ይባክናሉ። ቀኑን እዚያ ካስቀመጣችሁት ቀኑ ይባክናል። ስለዚህ መጀመሪያ ስሟን ጥሩና ጉዳዩ ቀጠሮ መሆኑን ተናገሩ፤ ቁጥር ገና አታንሱ።

ቀጥሎ ቀኑ ለብቻው፣ ሰዓቱም ለብቻው። አማርኛችን ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ፣ በረጅም ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቁጥሩ መሃል ላይ ይዋጣል። «ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያንን ወረቀት ይዘው ከልጅዎ ጋር እንዲመጡ ብለዋል» ብትሉ፣ ሰሚው የሚይዘው መጨረሻ ላይ ያለውን «እንዲመጡ ብለዋል»ን ነው። ሰዓቱን አጭር ዓረፍተ ነገር አድርጋችሁ ለብቻው ስትሉት፣ ከኋላው ጸጥታ ስለሚመጣ ጆሮ ውስጥ ይቀራል። «ከጠዋቱ» የምትለዋን ቃል ደግሞ ፈጽሞ አትዝለሉ።

«የአቦ ዋዜማ» ያልኩት ጥቅምት 5 አቦ ስለሆነ ነው። ወርኃዊ በዓላትን በልቧ ለምታውቅ እናት ከቁጥር ይልቅ ይህ ይጸናል፤ ቁጥር ሊምታታ ይችላል፣ የአቦ ዋዜማ ግን አይምታታም። ይህ ግን እንደ ሰሚው ነው። ለሙስሊም አባት «ጁምዓ ካለፈ በኋላ ያለው ማክሰኞ» በሉ፤ የከሰዓት ቀጠሮ ከሆነ «ከዙሁር በኋላ» ማለት ሰዓቱን ያጸናዋል። ለጴንጤ እናት «ከእሑዱ አምልኮ በኋላ ያለው ማክሰኞ» በሉ። ሰውየው ሳምንቱን በምን እንደሚቆጥር የማታውቁ ከሆነ ጠይቁ። ለሁሉም አንድ ቮይስ ቀድቶ በግሩፕ መበተን የማይሠራው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የአደጋገሙ ነገር ከሁሉም ይበልጣል። መድገም ማለት በሌላ ቃል ማብራራት አይደለም። መጀመሪያ «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት» ካላችሁ፣ ሁለተኛም «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት» በሉ፤ ቃል በቃል፣ በዚያው ቅደም ተከተል። በሁለተኛው ላይ «ጠዋት በሦስት፣ ማለት ከአራት በፊት» ብትሉ ለእናንተ ማብራሪያ ነው፤ ለሰሚው ግን አዲስ መረጃ ነው። «ሦስት ነው ወይስ አራት?» ትላለች። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሲሆኑ ግን መጀመሪያ ያልሰማችውን ሁለተኛው ይሞላላታል፤ የሰማችውንም ያረጋግጥላታል። ሁለት ጊዜ ይበቃል፤ አንዱ መጀመሪያ አካባቢ፣ አንዱ መጨረሻ ላይ። መሃል ላይ ቦታውና ወረቀቱ ይግቡ። ሦስት አራት ጊዜ መደጋገም ቮይሷን ያስረዝማታል፤ ሰውም «ገብቶኛል» ብሎ ከመሃል ይዘጋታል።

«ከቤት የሚወጡበትንስ ሰዓት አንናገርም ወይ?» የሚል ይኖራል። ከካዮሌ ወይም ከጊቱራይ ተነስቶ ዌስትላንድስ መድረስ መሃል ከተማ ላይ ማታቱ መቀየር ነው፤ የጠዋቱ መጨናነቅ ደግሞ የታወቀ ነው። መነገሩ ግድ ነው። ግን በዚያችው ቮይስ ውስጥ «ከአንድ ሰዓት በፊት ይውጡ» ብላችሁ ከጨመራችሁ ሁለተኛ ሰዓት ገባ። ከባሰም «አንድ ሰዓት አስቀድመው» ይሁን «በአንድ ሰዓት» ግልጽ አይሆንም። በዋዜማው ምሽት ሌላ አጭር ቮይስ ላኩ፦ «እማማ፣ ነገ ጎህ እንደቀደደ ከቤት ይውጡ።» ቁጥር የላትም፣ ከሌላው ጋር አትጋጭም።

ሦስት የቃል ወጥመዶችም አሉ። አንደኛው «ሩብ ጉዳይ» ነው። 9:45 ኤኤም በእኛ «ለአራት ሩብ ጉዳይ» ነው፤ ጆሮ ግን መጀመሪያ የሚይዘው «አራት»ን ነው። እንደዚህ ያለ ቀጠሮ ሲገጥማችሁ ወደ ኋላ አውርዳችሁ «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል» ብላችሁ ንገሩ። ሩብ ሰዓት ቀድሞ መድረስ የሚጎዳው የለም። ወደ ፊት ግን በፍጹም አታዙሩ።

ሁለተኛው «ነገ» ነው። በቀጠሮ ቮይስ ውስጥ «ነገ»፣ «ከነገ ወዲያ»፣ «በሚቀጥለው ሳምንት» መግባት የለባቸውም። ሰው ስልኩን ሁለት ቀን ሳይከፍት ይቆያል፤ ባንድል ያልቅበታል። በዚያ ላይ ቮይሷ ለሌላ ሰው ተላልፋ ከሆነ፣ የሚታየው የተላለፈችበት ጊዜ እንጂ የተቀዳችበት ቀን አይደለም። ቅዳሜ የተቀዳች «ነገ» ሰኞ ስትከፈት ማክሰኞ ትሆናለች። ከላይ ያልኳት የዋዜማዋ ቮይስ ብቻ ናት «ነገ» የምትል፤ እሷም ምሽቱን መሰማቷን በስልክ ደውላችሁ ካረጋገጣችሁ ብቻ።

ሦስተኛው ሌሊት ነው። ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄዱ ወገኖቻችን በረራ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። ወረቀቱ ረቡዕ 1:00 ኤኤም ካለ፣ በፈረንጁ ቀኑ የተቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ ለእኛ ግን ገና ሳይነጋ ነው፣ ማክሰኞ ሌሊት ሰባት ሰዓት እንለዋለን። «ረቡዕ ሌሊት» ብላችሁ ከላካችሁ ቤተሰቡ ረቡዕን ውሎ አምሽቶ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል፤ አውሮፕላኑ ሄዷል። ለዚህ አማርኛችን የቆየ ቃል አለው፦ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ»። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ሲሰሙ አይሳሳቱም። ተጠቀሙበት፤ ወጣቶችም ተማሩት። የሚደገመውም ይኸው ነው፦ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ። ማክሰኞ ማታ ከቤት እንወጣለን።»

አቀዳዱም የራሱ ነገር አለው። ማታቱ ውስጥ፣ ሙዚቃ ባለበት፣ ጄነሬተር አጠገብ አትቅዱ። «ሰባት ሰዓት» የሚለውን ጫጫታ ውስጥ ስሙት፤ ሁለቱም ቃላት በሰ ጀምረው በት ያልቃሉ፣ ቁጥሩ ተውጦ «ሰዓት» ብቻ ይቀራል። ማይኩን ወደ ላይ ጎተት አድርጋችሁ ቆልፉት፣ ጽሑፋችሁን አንብቡ፣ አቁሙ፣ ከመላካችሁ በፊት ራሳችሁ አንዴ ስሙት። ሰዓቱን ለብቻው መስማት ካልቻላችሁ አጥፍታችሁ እንደገና ቅዱ።

አሁን መልስ። ዋትሳፕ ላይ ቮይስ ስትከፈት ማይኳ ሰማያዊ ትሆናለች። ብዙ ሰው ሰማያዊ ካየ ሥራው አለቀ ብሎ ይተኛል። ሰማያዊ ማለት ግን አንድ ሰው ከፍቷታል ማለት ብቻ ነው። የከፈታት የልጅ ልጅ ሊሆን ይችላል። ስልኩ የጎረቤት ሊሆን ይችላል። «እሺ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚል መልስም ቢመጣ ምርቃት ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ማረጋገጫ የሚሆነው ሰሚዋ በራሷ ድምጽ «ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት» ስትል ነው። «ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ለዚህ ሁሉም ሰው «አዎ» ይላል። «ቀኑንና ሰዓቱን ይንገሩኝ» በሉ። ፈተና እንዳይመስል «እኔ በትክክል መናገሬን ላረጋግጥ» ብላችሁ ጨምሩበት፤ ክብር ይጠብቃል፣ እውነትም ነው።

ቀጠሮ ሲቀየር ደግሞ አሮጌውን ሰዓት አታንሱ። «ማክሰኞ ሦስት ሰዓት የነበረው ሐሙስ አምስት ሰዓት ሆኗል» ስትሉ አሮጌውን እንደገና አስታወሳችኋት። «እማማ፣ ቀጠሮው ተቀይሯል። የድሮውን መልእክት ይተዉት። አዲሱ ቀን ሐሙስ ነው» ብላችሁ ከዚያ በኋላ የተለመደችውን ጽሑፍ አንብቡ። አሮጌዋን ቮይስ ለሁለቱም ወገን አጥፏት። ለሌላ ሰው ያስተላለፋችኋት ካለች ግን እናንተ ጋር ብትጠፋም እዚያ ትቀራለች፤ ለማን እንደላካችሁ አስታውሳችሁ ለእሱም አዲሷን ላኩ።

ስለ ምስጢርም አንድ ነገር። የእኛ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ሆኖ ይኖራል፤ ቮይስ በድምጽ ማጉያ ይከፈታል፤ ሁሉም ይሰማል። ስለዚህ በቮይስ ውስጥ የፋይል ቁጥር፣ የኬዙ ዓይነት፣ «የኢንተርቪው ቀጠሮ ነው» ወይም «የሐኪም ውጤት ነው» የሚል ነገር አይግባ። ጽሑፏ ላይ «ባለፈው ከልጅዎ ጋር የሄዱበት ቢሮ» ያልኩት ለዚህ ነው። እሷ ታውቀዋለች፤ ሌላው ማወቅ የለበትም። ሻውሪ ሞዮም ይሁን ዌስትላንድስ፣ ለእሷ በምታውቀው ምልክት ንገሯት። አዲስ ቦታ ከሆነ ማድረሻ ሰው ፈልጉላት እንጂ በቮይስ መንገድ አታስተምሩ።

አሁን የሚሰነዘሩብኝን ተቃውሞዎች ልመልስ።

«ሰላምታ ሳይቀድም ለእናት ቀጠሮ መንገር ነውር ነው» የሚሉኝ አሉ። እኔም ሰላምታው ይቅር አላልኩም፤ ለብቻው ይሁን ነው ያልኩት። መጀመሪያ የሰላምታ ቮይስ ላኩ፦ እንዴት አደሩ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ልጆቹስ። የፈለጋችሁትን ያህል ይርዘም። ከዚያ ሁለተኛዋን፣ የቀጠሮዋን ላኩ። ሰዓቱን ለማግኘት አራት ደቂቃ ሰላምታ መልሳ መስማት ያለባት እናት አትሰማም፤ ትገምታለች። ለየብቻ ሲሆኑ ግን የቀጠሮዋን ደጋግማ መክፈት ትችላለች፤ ሰላምታዋም አይነካም።

«መደወል አይሻልም ወይ?» የሚሉም አሉ። ደውሉ፣ በተለይ ቀጠሮው ሲቃረብ። ግን ስልክ ሲዘጋ የሚቀር ነገር የለም። ቮይስ ማታም ትከፈታለች፣ ከሥራ ለሚመጣው ልጅም ትሰማለች። ሁለቱ አይተካኩም፤ ቮይሷ መዝገብ ናት፣ ጥሪው ማስታወሻ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ግን እውነት አለው፦ «ይህ የእኛ ሥራ ነው ወይስ የቢሮዎቹ?» አንዲት እናት ባለፈው ዓመት ወራት የጠበቀችው ቀጠሮ በአንድ ቢሮ እንዴት እንዳመለጣት ቀጥዬ ልንገራችሁ፤ የቢሮውን ስም አልጠራም። ቀጠሮው በእንግሊዝኛ የጽሑፍ መልእክት መጣ። ጎረቤቷ አንብቦ «ዘጠኝ ሰዓት» አላት። በዘጠኝ ሰዓት ደረሰች። አስካሪው መለሳት። አዲስ ቀን እስኪሰጣት እንደገና ወራት ቆየች። ፋይሉ ላይ የተጻፈው «አልቀረበችም» ነው። እሷ ግን ቀርባለች፤ በራሷ ሰዓት። ማንበብ እንደማትችል እዚያው ፋይል ውስጥ ተመዝግቧል። እያወቁ ጽሑፍ መላክ፣ ከዚያም «አልቀረበችም» ማለት ፍትሕ አይደለም።

ስለዚህ ከቢሮዎች የምንጠይቀው ግልጽ ይሁን። ማንበብ የማይችል ሰው ሲመዘገብ «በድምጽ ይነገር» የሚል ምልክት ፋይሉ ላይ ይደረግ። ቀጠሮው በአስተርጓሚ ድምጽ፣ በሰውየው ቋንቋ፣ በሰውየው አቆጣጠር ይላክ። አስተርጓሚዎቻችን ወገኖቻችን ናቸው፤ ግማሽ ደቂቃ አይከብዳቸውም። በስድስት ሰዓት ዘግይቶ የመጣ ሐበሻ ሲያዩም «አልቀረበም» ብለው ከመጻፋቸው በፊት «በስንት ሰዓት ነው የተባልከው?» ብለው ይጠይቁ። ልክ ስድስት ሰዓት ከሆነ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ይህን በየስብሰባው እናንሳው። እስኪሆን ድረስ ግን እናቶቻችን መጠበቅ አይችሉም፤ ቀጠሮው ማክሰኞ ነው።

በውጭ ያላችሁ ዘመዶቻችንም፣ ካናዳም ሁኑ ሚኒሶታ ወይም ዱባይ፣ «በአራት ሰዓት እደውላለሁ» ስትሉ የሰሚውን አራት ሰዓት አስቡ። የእናንተን ሰዓት አትጥሩ፤ ገልብጣችሁ የናይሮቢውን ብቻ ንገሩ።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ከላይ ያለችውን ጽሑፍ ቅዱና ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ቀጠሮ ሲመጣ ቀኑን፣ በዓሉን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ብቻ ቀይራችሁ አንብቡ። በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ የምትናገሩ ደግሞ በየቋንቋችሁ ጽፋችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን፤ ቃሏ ጆሮ ላይ እንዴት እንደምትሰማ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ሰላም ዋሉ።